ደረሰኙ የሚጻፈው በፕሮፎርማው ቀን ነው

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነበርኩ። አንዲት እናት በሰኔ ወር የተሰጣቸውን የኪችን ካቢኔት ፕሮፎርማ ይዘው ገቡ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ውስጥ አድርገው ነው ያስቀመጡት።

«ገንዘቡ ሞላልኝ፤ በል ሥራውን ጀምርልኝ» አሉት ባለቤቱን።

ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። «እትዬ፣ ይሄ ዋጋ እኮ አሁን የለም።»

«የት ሄደ? ማኅተምህ ነው፣ ፊርማህ ነው።»

«ዶላሩን እየሰሙ አይደል እንዴ?»

«እኔ ያንተን ወረቀት ነው የያዝኩት። ወረቀቱ ላይ ዶላር የሚል አላየሁም።»

ሁለቱም አልዋሹም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያው ዕለት በንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ተሻገረ፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ 100 ብርን አለፈ። ካቢኔት ውስጥ ከሚገቡት ነገሮች ማጠፊያው፣ የመሳቢያው ሐዲድና አብዛኛው ልባስ ከውጭ የሚመጣ ነው። ባለሙያው በሰኔው ዋጋ ቢሠራ ከኪሱ ሊያወጣ ነው። እናትየዋ ደግሞ ያንን ቁጥር አምነው ሁለት ወር አጠራቅመዋል። ከመካከላቸው የጎደለው «ይህ ዋጋ የሚጸናው እስከዚህ ቀን ድረስ ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ፕሮፎርማ በእጄ በገባ ቁጥር የማነበው ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም የሚቆረጠው ደረሰኝ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ከዚህ ወረቀት ላይ ማወቅ እችላለሁ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ካልቻልኩ ወረቀቱ ገና አላለቀም። ብዙ ሰው ፕሮፎርማን ዋጋ መናገሪያ፣ ደረሰኝን ደግሞ በኋላ የሚመጣ ሌላ ነገር አድርጎ ያያቸዋል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ግን ደረሰኙን የሚያዘጋጁት ፕሮፎርማውን በሚጽፉበት ቀን ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን አንድ ካቢኔት ይዘን መስመር በመስመር እንየው። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለሒሳብ እንዲመቹ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ ሆነው አይደለም።

ሥራው

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለውም። ደንበኛዋ ለኪችናቸው የታችና የላይ ካቢኔት ከግራናይት ጋር ይፈልጋሉ። ባለሙያው ሄዶ ለክቶ ይህን ጻፈ፦

1. የታች ካቢኔት፣ 3.60 ሜትር፣ በሜትር 30,000 ብር፦ 108,000 ብር
2. የላይ ካቢኔት፣ 3.00 ሜትር፣ በሜትር 20,000 ብር፦ 60,000 ብር
3. የግራናይት ገጽ፣ 3.60 ሜትር፣ በሜትር 15,000 ብር፦ 54,000 ብር
4. ማጓጓዝና ገጠማ፣ በጥቅሉ፦ 18,000 ብር

ድምሩ 240,000 ብር ነው። ባለሙያው ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ስለሆነ 15 በመቶ፣ ማለትም 36,000 ብር ይጨመራል። ጠቅላላው 276,000 ብር ይሆናል።

ቫቱ ለብቻው በአንድ መስመር መጻፉን ልብ ይበሉ። «240,000 ብር» ብቻ ብሎ የሚተው ፕሮፎርማ ጠብ የሚወልደው ገና ከዚህ ነው። ደንበኛው ቫቱ ውስጡ ያለ ይመስለዋል፤ ባለሙያው ደግሞ ከላዩ ሊጨምር አስቧል። ልዩነቱ 36,000 ብር ነው። ለቫት ያልተመዘገበ ባለሙያ ይህን መስመር መጻፍም ታክሱን መሰብሰብም አይችልም። ስለዚህ ሁለት ፕሮፎርማ የሚያነጻጽር ሰው አንዱ ቫት ያለበት፣ ሌላው የሌለበት መሆኑን ሳያይ ቁጥር ከቁጥር ቢያስተያይ ይሳሳታል።

አሁን ዋጋ አለ። ፕሮፎርማ ለመባል ግን ሦስት ነገር ይቀረዋል፤ እስከ መቼ እንደሚጸና፣ በውስጡ ምን እንዳለ፣ ገንዘቡ መቼ መቼ እንደሚከፈል።

እስከ መቼ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለዚህ ጉዳይ የሚለው ነገር ግልጽ ነው። በቁጥር 1690 መሠረት ለአንድ ሰው ሐሳብ አቅርቦ የመቀበያ ቀን የወሰነ ሰው ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ በቃሉ ይታሰራል። ቀን ያልወሰነም ቢሆን ወዲያውኑ ነጻ አይደለም፤ ተቀባዩ በአግባቡ አስቦ ሊመልስ ይችላል ተብሎ እስከሚገመትበት ጊዜ ድረስ ይጠበቃል። «በአግባቡ» ስንት ቀን ነው? ሳምንት ወይስ ሁለት ወር? ያቺ የነሐሴ ክርክር ፍርድ ቤት ብትደርስ ኖሮ የምትንጠለጠለው በዚህች ቃል ላይ ነበር። ቀን መጻፍ ማለት ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መዝጋት ነው።

ስንት ቀን ይሰጥ? መልሱ ያለው ባለሙያው ራሱ ዕቃ የሚገዛበት ሱቅ ነው። የኤምዲኤፍ አከፋፋዩ ዋጋውን ለአምስት ቀን ብቻ ከያዘለት፣ እሱ ለደንበኛው ለአንድ ወር ቃል ቢገባ በመካከል ያለውን 25 ቀን የሚሸከመው ራሱ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ አሰባስቦ በኮሚቴ የሚወስን መሥሪያ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። ያኔ ሁለት ምርጫ አለ፤ ሊመጣ የሚችለውን ጭማሪ ገምቶ ዋጋው ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ሊለዋወጥ የሚችለውን ዕቃ ለይቶ «የዚህ መስመር ዋጋ የሚጸናው እስከዚህ ቀን ነው» ብሎ ማሳጠር።

ቀኑ ሲጻፍ «ለ10 ቀን የሚጸና» ማለት አይበቃም። ከተጻፈበት ቀን ነው ወይስ ደንበኛው እጅ ከገባበት? እሑድና በዓል ይቆጠራል? በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀንም ያሳስታል። «10/2/2018» የሚለውን አንዱ ጥቅምት 10 ብሎ ያነበዋል፤ ፋይናንስ ክፍሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ድርጅት ደግሞ የካቲት ውስጥ የሚውል ቀን አድርጎ ሊያየው ይችላል። ወሩ በስሙ፣ ዓመተ ምሕረቱም ተለይቶ ይጻፍ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር «ተቀብያለሁ» የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ ነው። ስልክ ደውሎ «እሺ» ማለት ነው? ፊርማ ነው? ወይስ ገንዘብ መግባት? ባለሙያችን እንዲህ ጻፈ፦

«ይህ ፕሮፎርማ የተሰጠው ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን ዋጋው እስከ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ይጸናል። ዋጋው የሚቆለፈው ደንበኛው እዚህ ላይ ፈርመው የመጀመሪያው ክፍያ በዚህ ጊዜ ውስጥ ባንክ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋው እንደገና ይሰላል።»

ከቀኑ በፊት ተቀብያለሁ ብሎ ነገር ግን የሚለውጥ ደንበኛም አለ። «ተስማምቻለሁ፣ ግራናይቱን ብቻ ጥቁር አድርግልኝ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይመጣል። ባለሙያው «እሺ» ብሎ ሥራ ይጀምርና በኋላ ጥቁሩ ግራናይት ውድ ሆኖ ያገኘዋል። በሕጉ ቁጥር 1694 መሠረት እንዲህ ያለው መልስ መቀበል አይደለም፤ የቀረበውን ሐሳብ ውድቅ አድርጎ አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው እርምጃ በአዲስ ቁጥርና በአዲስ ቀን ሌላ ፕሮፎርማ መጻፍ፣ በላዩም «የቀድሞውን ይተካል» ማለት ነው።

ከተቆለፈ በኋላስ ዕቃ ቢወደድ? ቁጥር 1764 የውሉ አፈጻጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ስለሆነ ብቻ ውሉ አይቀየርም ይላል። የነሐሴዋ እናት በሰኔ ፈርመው ገንዘብ ከፍለው ቢሆን ኖሮ ጭማሪው የባለሙያው ዕዳ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ብልህ ባለሙያ የመጀመሪያው ክፍያ በገባ ዕለት ሳያድር ኤምዲኤፉንና ማጠፊያውን ገዝቶ የሚያስገባው።

በውስጡ ምን አለ?

«የታች ካቢኔት፣ 3.60 ሜትር» የሚለው መስመር ልክ ይመስላል። ግን በዚህ መስመር ሁለት መሳቢያ ያለውም ስምንት መሳቢያ ያለውም ካቢኔት ሊሠራ ይችላል። እያንዳንዱ መሳቢያ የራሱ ሣጥንና የራሱ ጥንድ ሐዲድ አለው፤ የበለጠ ሰዓትም ይወስዳል። ደንበኛዋ ስምንት በዓይነ ሕሊናቸው አይተዋል፣ ባለሙያው ሦስት አስቦ ዋጋ አውጥቷል። ሁለቱም ወረቀቱን ፈርመዋል፤ የፈረሙት ግን በሁለት የተለያየ ካቢኔት ላይ ነው።

ስለዚህ መስመሩ የሚቆጠረውን ቆጥሮ፣ የሚለካውን ለክቶ ይጻፋል፦ «የታች ካቢኔት፣ ርዝመት 3.60 ሜትር፣ ጥልቀት 60 ሳንቲሜትር፣ ሣጥኑና በሩ ከ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ፣ ሲንክ የሚያርፍበት ክፍል እርጥበት ከሚቋቋም ኤምዲኤፍ፣ 5 በር፣ 3 መሳቢያ፣ ማጠፊያው በቀስታ የሚዘጋ።» ይህን ያነበበ ደንበኛ ዕቃው ሲመጣ በጣቱ መቁጠር ይችላል። እርጥበት የሚቋቋመው ኤምዲኤፍ ብዙውን ጊዜ ሲቆረጥ መሐሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ገጠማ ከመጀመሩ በፊት ለቧንቧ የተቀደደውን ቦታ ማየት ብቻ ይበቃል።

የማይጨመረውም እንደዚሁ በስሙ ይጠራል። «ሌሎች ሥራዎችን አይጨምርም» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያድንም፤ ምክንያቱም ደንበኛው «ሌሎች» ከሚባሉት ውስጥ ሲንኩን አይቆጥርም። በእኛ ፕሮፎርማ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ ሲንክ፣ ቧንቧና የፍሳሽ ማገናኘት አይጨምርም፤ የኤሌክትሪክ መስመር ማዛወር አይጨምርም፤ የግድግዳ ሴራሚክ አይጨምርም፤ ነባሩን ካቢኔት ማፍረስና ማውጣት አይጨምርም። ለግራናይቱ ግን ሲንኩ የሚገባበትን ቀዳዳ መቁረጥ ይጨምራል። ደንበኛዋ ግን ሲንኩን ከልኬቱ በፊት ገዝተው ማቅረብ አለባቸው።

ይህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ቀላል ትመስላለች፤ የምትሠራው ግን ትልቅ ሥራ ነው። ግራናይት አንዴ ከተቀደደ አይመለስም። የሲንኩ መጠን ሳይታወቅ ተቆርጦ በኋላ ሰፋ ያለ ሲንክ ቢመጣ አዲስ ግራናይት ያስፈልጋል፤ የማን ጥፋት እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። ጥሩ ፕሮፎርማ ባለሙያው የሚያደርገውን ብቻ ሳይሆን ደንበኛው ማድረግ ያለበትንም ከነጊዜው ያስቀምጣል።

አራተኛ ፎቅ መሆኑም በመስመር 4 ውስጥ ይጻፋል፦ «በደረጃ ወደ 4ኛ ፎቅ መሸከምን ይጨምራል።» ግራናይት በደረጃ መሸከም ተጨማሪ ሰው ይጠይቃል፤ ሰባራም ያመጣል። ባለሙያው ይህን ካልጻፈ ሸካሚዎቹ ደጅ ቆመው ዋጋ ሲጠይቁ ማን ይከፍላል የሚል ክርክር ይነሳል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ በሥራ መሐል ሐሳብ መቀየሩ አይቀርም። ስለዚህ የሚጨመረው ነገር ዋጋ ቀድሞ ይነገራል፦ «ተጨማሪ መሳቢያ፣ አንዱ 6,000 ብር፣ ቫትን ሳይጨምር። ማንኛውም ተጨማሪ ሥራ የሚጀመረው በጽሑፍ ከተፈረመበት በኋላ ነው።» ይህ የዋጋ መስመር ዛሬ ማንንም አያስከፍልም። ነገ ግን ደንበኛዋ «ሁለት መሳቢያ ጨምርልኝ» ሲሉ የሚያደራድር ነገር አይኖርም።

ገንዘቡ መቼ መቼ?

በየወርክሾፑ የሚታየው የተለመደ አጻጻፍ ይህ ነው፦ «50 በመቶ ቀብድ፣ 30 በመቶ ሥራው ሲጋመስ፣ 20 በመቶ ሲያልቅ።» በዚህች አጭር መስመር ውስጥ ሦስት ወጥመድ አለ።

የመጀመሪያው «ቀብድ» የሚለው ቃል ነው። በየቀኑ ንግግራችን ቀብድ ማለት ቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን መተው ይችላል፤ ነገር ግን ቀብዱን ያጣል። የተቀበለውም ወገን መተው ይችላል፤ ግን እጥፉን ይመልሳል። 110,400 ብር ቀብድ ተብሎ የተቀበለ ባለሙያ ሥራ በዝቶበት «አልችልም» ቢል 220,800 ብር ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ደንበኛዋም ሐሳባቸውን ቢቀይሩ፣ ገና አንድ እንጨት ባይቆረጥም ሁሉንም ሊያጡ ይችላሉ። ሁለቱም ይህን ካላሰቡ ቃሉን መጠቀም የለባቸውም። «የመጀመሪያ ክፍያ፣ ለቁሳቁስ መግዣ» ብሎ መጻፍ፣ ውሉ ቢቋረጥ ምን ያህሉ እንደሚመለስም በግልጽ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ «ሲጋመስ» ነው። ሥራ መጋመሱን ማን ያያል? ወርክሾፕ ውስጥ እንጨቱ ሁሉ ተቆርጧል፤ ለባለሙያው ከግማሽ በላይ አልፏል። ደንበኛዋ ቤት ግን ገና ባዶ ግድግዳ ነው። የክፍያ ምዕራፍ መሆን ያለበት ሁለት ሰው በአንድ ላይ ቆሞ አይቶ «አዎ፣ ሆኗል» የሚለው ነገር ነው፤ «የታችና የላይ ካቢኔት ሣጥኖችና በሮች ሳይት ደርሰው ሲቆጠሩ» እንደሚለው። ይህ መቼ እንደሆነ አያከራክርም፤ ዕቃው በሩ ላይ አለ ወይም የለም።

ምዕራፉ ባለሙያው ራሱ ሊያደርሰው በሚችለው ነገር ላይ መታሰር አለበት። «ሴራሚክ ተለጥፎ ካቢኔት ሲገጠም» ቢባል፣ ሴራሚኩን የሚለጥፈው ሌላ ሰው ስለሆነ ያ ሰው በዘገየ ቁጥር የእንጨት ባለሙያው ገንዘብ ይታሰራል። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል፦ «ዕቃው ተዘጋጅቶ ለደንበኛው በጽሑፍ ከተነገረ በኋላ ቤቱ ባለመዘጋጀቱ ከ7 ቀን በላይ ወርክሾፕ ከቆየ፣ ደንበኛው መጥተው ቆጥረው ሁለተኛው ክፍያ ይፈጸማል።»

ሦስተኛው ወጥመድ «ሲያልቅ» ነው። የአንድ በር ማጠፊያ ትንሽ ዘንበል ቢል ሥራው አልቋል ወይስ አላለቀም? ለዚህ መልሱ ርክክብ ነው። ሁለቱም አብረው ያያሉ፤ የሚስተካከለው በዝርዝር ይጻፋል፤ በ5 ቀን ውስጥ ይስተካከላል፤ ካቢኔቱን ከመጠቀም የማያግድ ትንሽ ጉድለት መላውን የመጨረሻ ክፍያ አያስቀርም፤ የዚያ ጉድለት ማስተካከያ ያህል ብቻ ተይዞ ይቆያል።

መቶኛውስ ከየት ይመጣል? ከልማድ ሳይሆን ባለሙያው መቼ ስንት እንደሚያወጣ ከማስላት ነው። የእኛ ባለሙያ ወጪውን ሲቆጥር እንዲህ ሆነ፦ ኤምዲኤፍ፣ ልባስ፣ ማጠፊያና ሐዲድ 95,000 ብር፤ የወርክሾፕ ጉልበት 30,000 ብር፤ ግራናይት 40,000 ብር፤ ማጓጓዝና ገጠማ 15,000 ብር። ድምሩ 180,000 ብር ነው። ከ240,000 ብር ላይ 60,000 ብር ይተርፈዋል።

ግራናይት የሚለካው የታች ካቢኔቱ ቦታው ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ቀጥ ያለ መስሎ ቀጥ ስለማይል። ስለዚህ የግራናይቱ ገንዘብ መጀመሪያ ላይ አያስፈልግም። ይህን አይቶ ክፍያውን 40፣ 40 እና 20 በመቶ አደረገው።

የመጀመሪያው 40 በመቶ ከቫት በፊት 96,000 ብር ነው፤ የ95,000 ብሩን ዕቃ ይገዛል። ሁለተኛው 96,000 ብር የወርክሾፑን ጉልበት፣ ግራናይቱንና ገጠማውን፣ በድምሩ 85,000 ብር ይሸፍናል። እስከዚህ ድረስ እጁ ላይ የቀረው 12,000 ብር ነው። የመጨረሻው 20 በመቶ 48,000 ብር ነው። እነዚህ ሁለቱ ተደምረው 60,000 ብር ይሆናሉ።

ቁጥሩን ቀስ ብለን ስናየው አንድ ነገር ይገለጥልናል። ባለሙያው በራሱ ገንዘብ የደንበኛዋን ኪችን አልሠራም፤ ትርፉ ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያለው በመጨረሻው ክፍያ ውስጥ ነው። የርክክብ ዓረፍተ ነገሯ በደንብ ካልተጻፈች የሚታሰርበት የሁለት ወር ልፋቱ ነው። ደንበኛዋም ሳይጎዱ ነው፤ ሁለተኛውን ክፍያ ሲከፍሉ ዕቃው ቤታቸው ገብቶ ተቆጥሯል፣ የመጨረሻው 20 በመቶ ደግሞ ባለሙያው ተመልሶ እንዲጨርስ በቂ ምክንያት ይሆነዋል።

ቫቱን ከዚህ ሒሳብ ያወጣሁት አውቄ ነው። ከመጀመሪያው ክፍያ ጋር የሚገባው 14,400 ብር ባንክ ውስጥ ቢታይም የባለሙያው አይደለም፤ ለግብር ሰብሳቢው የሚቀመጥ ነው። በዚያ ገንዘብ ኤምዲኤፍ የሚገዛ ሰው የወሩ ማሳወቂያ ሲደርስ ከሌላ ደንበኛ ክፍያ ይበደራል፤ የዚያን ደንበኛ ሥራ ደግሞ በሦስተኛው ሰው ገንዘብ ይጀምራል።

ከፕሮፎርማ ወደ ደረሰኝ

ፕሮፎርማ ራሱ ደረሰኝ አይደለም። ገንዘብ መከፈሉን አያሳይም፤ ለሒሳብ መዝገብም የወጪ ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን በደንብ ከተጻፈ የሚመጡት ደረሰኞች በሙሉ ከእሱ ላይ ይገለበጣሉ። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ስም፣ የራሱ ቁጥርና የራሱ ምክንያት ስላለው ባለሙያው በክፍያው ቀን አዲስ ነገር አያስብም።

የመጀመሪያው ደረሰኝ፦ «በፕሮፎርማ ቁጥር 014 መሠረት፣ የኪችን ካቢኔት ሥራ 1ኛ ክፍያ፣ 40 በመቶ፦ 96,000 ብር፤ ቫት 14,400 ብር፤ ድምር 110,400 ብር።» ሁለተኛውም በተመሳሳይ መጠን፣ በምክንያቱ «ሣጥኖችና በሮች ሳይት ደርሰው ተቆጥረዋል» ተብሎ ይቆረጣል።

አሁን በመሐል ደንበኛዋ ሁለት መሳቢያ አስጨምረዋል እንበል። ባለሙያው አንዲት ገጽ «ተጨማሪ ሥራ ቁጥር 1» ብሎ ጻፈ፦ 2 መሳቢያ በ6,000 ብር፣ 12,000 ብር፤ ቫት 1,800 ብር፤ ድምር 13,800 ብር፤ ከመጨረሻው ክፍያ ጋር ይከፈላል። ተፈራረሙ። በርክክቡ ቀን ደረሰኙ ሁለት መስመር ኖረው፤ 3ኛ ክፍያ 48,000 ብር፣ ተጨማሪ ሥራ 12,000 ብር። ድምሩ 60,000 ብር፣ ቫት 9,000 ብር፣ በጠቅላላው 69,000 ብር። ደንበኛዋ «55,200 ብር አልነበር እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ ልዩነቱ 13,800 ብር ነው፤ ፊርማቸው ያለበትም ገጽ አለ።

ደንበኛው ግለሰብ ሳይሆን ድርጅት ሲሆን ይህ ተዛምዶ ይበልጥ ይጠብቃል። የፋይናንስ ሠራተኛው ፕሮፎርማውን፣ የግዢ ማዘዣውን፣ የርክክብ ሰነዱንና ደረሰኙን ጎን ለጎን አድርጎ ያነባል። ፕሮፎርማው «የኪችን ካቢኔት» ብሎ ደረሰኙ «የእንጨት ሥራ» ካለ ሰነዱ ተመልሶ ይመጣል፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይዘገያል። በደረሰኙ ላይ የሚሰፍረው ቃል ከፕሮፎርማው ቃል ጋር አንድ መሆን አለበት። ድርጅቱ ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚይዘው ግብር ካለም ባንክ የሚገባው ገንዘብ ከደረሰኙ ቁጥር ያንሳል። ያ ኪሳራ አይደለም፤ ከዓመቱ ግብር ላይ የሚታሰብ ነው፤ የመያዣውን ደረሰኝ ግን በዚያው ቀን መቀበል ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ክፍያ አሥልቶ ዕቃ ሊገዛ ያሰበ ባለሙያም ይህ ተቀናሽ እንዳለ አስቀድሞ ቢያውቅ ሱቅ ደርሶ ገንዘብ አይጎድለውም።

እኔ በበኩሌ አንድን ፕሮፎርማ የምፈትነው እንዲህ ነው። ሥራውን ለማያውቅ፣ ልኬቱ ላይ ላልነበረ ሰው እሰጠውና «የመጨረሻውን ደረሰኝ ጻፍልኝ» እለዋለሁ። ስንት ብር እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ምን ሲሆን እንደሚከፈል ከወረቀቱ ላይ አንብቦ መጻፍ ከቻለ ለደንበኛው ይሰጣል። «ይሄ ሲጋመስ የሚለው መቼ ነው? ሲንኩ አለበት?» ብሎ ከጠየቀኝ ጥያቄውን እዚያው መስመር ላይ እመልስለትና እንደገና አጽፈዋለሁ። ያች በሰኔ የተሰጠች ወረቀት በዚህ ፈተና ብታልፍ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሄ ዋጋ እስከ መቼ ነው?» የሚለው ነበር። ባለቤቱ በሰኔ መልሱን ቢጽፈው ኖሮ በነሐሴ እዚያ በር ላይ ሁለት እውነተኞች ባልተጣሉ ነበር።